የብሎኬት ሶሌታ ሲመዘን

የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሲጀመር በጂቲዜድ ድጋፍ ገርጂ ላይ የተሠሩት የሙከራ ቤቶች አንድ የሶሌታ ዓይነት አስለምደውናል። ቀድመው የተመረቱ ቀጫጭን ቢሞች ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው ቀዳዳ ብሎኬት ይቀመጣል፤ በላዩ ስስ ኮንክሪት ይሞላል። ብሎኬቱ ክብደት አይሸከምም። ሥራው የኮንክሪቱን ቦታ መያዝ ነው።

የቁጠባውን ልክ ለማወቅ 4 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ብሎኬቱ 20፣ በላዩ የሚፈሰው ቶፒንግ 6 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ቢሞቹ ወይም ሪቦቹ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ኖሯቸው በየ60 ሳንቲሜትሩ ይቀመጡ። ኮንክሪቱ ቢሙን ጨምሮ 1.5 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። አንዳንዱ ይህን ከ26 ሳንቲሜትር ድፍን ሶሌታ ጋር አወዳድሮ ከግማሽ በላይ ቆጠብኩ ይላል፤ ነገር ግን ለ4 ሜትር ርዝመት ያን ያህል ወፍራም ድፍን ሶሌታ የሚሠራ የለም። ተገቢው ማወዳደሪያ 15 ሳንቲሜትሩ ነው፤ እሱ 2.4 ሜትር ኩብ ይፈጃል። እውነተኛው ቁጠባ 0.9 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከሲሶ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ከዚህም ላይ የብሎኬቱ ዋጋ ይቀነሳል።

ይህ ቁጠባ በቀላሉ ይባክናል። ቢሞቹ ከሥር በቋሚ በደንብ ካልተደገፉ ኮንክሪት ሲፈስ መሃላቸው ይረግባል፤ ላዩን ለማስተካከል ሲባልም ቶፒንጉ በአማካይ 9 ሳንቲሜትር ይደርሳል እንበል። የ3 ሳንቲሜትሯ ጭማሪ ብቻ በዚህ ክፍል 0.48 ሜትር ኩብ ትበላለች፤ ከቁጠባው ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። በሶሌታው ዳር ያሉት ብሎኬቶች ቀዳዳቸው ካልተደፈነ ደግሞ ኮንክሪቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ከሙሌቱ በፊት ገመድ በሙሌቱ የላይኛው ልክ ከዳር እስከ ዳር ወጥሩና ከገመዱ እስከ ብሎኬቱ ጀርባ ያለውን በብዙ ቦታ ለኩ። ሁሉም ቦታ 6 አካባቢ ከሆነ ሠራተኛው ሥራውን ያውቃል። 3 ካገኛችሁ ሙሌቱን አስቁሙ፤ የቶፒንጉ ፌሮ መሸፈኛ ያጣል። የተሰበረ ብሎኬት ይቀየር፤ ደረቁም ውሃ ይጠጣ፤ ካልሆነ የኮንክሪቱን ውሃ ይመጥጣል።

ቋሚው ከተነሳ በኋላ ልስን ከመግባቱ በፊት ከሥር ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ጥሩ ሥራ ላይ የሪቦቹ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ ጠጠሩ አልፈጠጠም፤ ፌሮ አይታይም። ጠጠር የፈጠጠበት ሪብ ቫይብሬተር በደንብ አላገኘውም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በልስን መሸፈን ጉዳቱን መደበቅ ነው።

ቤት ገብታችሁ የቧንቧ መስመር ልታዞሩ ስትሉም መጀመሪያ ጣሪያውን ከሥር አንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ብሎኬቱ ነው፤ መብሳት ካስፈለገ እዚያ ይበሳል። ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ሪብ ግን ያለ መሐንዲስ ፈቃድ ፈጽሞ አይነካ።