የመድረክ መሪው ጽሑፍ

ጉለሌ የሚገኘውን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅን በመሰለ ተቋም ምረቃ ረጅም ነው። ንግግሩን፣ ሽልማቱንና የሐኪሞቹን ቃለ መሐላ የሚያያይዘው የመድረክ መሪው ጽሑፍ ነው።

ጥሩ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ መሸጋገሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ አንዱ ያለፈውን ያመሰግናል፣ ሌላው ቀጣዩን ይጋብዛል። የእንግዳው ኃላፊነት ይቀድምና ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ስሙ ከቀደመ ጭብጨባው የቀረውን ይውጠዋል።

የተመራቂዎች ስም ላይ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ይደረግበታል፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይምና። መንገድ የዘጋ መኪና ታርጋ የሚነገረውም በሁለት የመርሐ ግብሩ ክፍሎች መካከል ነው፤ ስም እየተጠራ ከተነገረ የአንዷን እናት እልልታ ያቋርጣል። እኔ የማደንቀው ይህን ጥንቃቄ ነው።