ባዮስ እየተጻፈ መብራት ቢሄድ

«ባዮሱን አፕዴት አድርግልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ «ለምን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ መልሳቸው «ቀርፋፋ ሆነብኝ» ነው። እንዲህ ከሆነ ባዮሱን አልነካም፤ ዲስኩንና ራሙን ነው የማየው። ደህና የሚሠራ ማሽን አዲስ ስሪት ወጣ ተብሎ ብቻ አይከፈትም። የምቀበላቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፦ ማዘርቦርዱ የማያውቀው ፕሮሰሰር ሊገጠም ሲል፣ አምራቹ የደህንነት ቀዳዳ መድፈኑን ሲያስታውቅ፣ ወይም የያዘን ችግር በስሪቱ ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ስናገኘው።

መዘግየት የሚጎዳበት ጊዜም አለ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባቸው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ ሲጎዱ፣ ኩባንያው በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው `0x129` የተባለ ማስተካከያ ለተጠቃሚው የደረሰው በባዮስ አፕዴት በኩል ነበር። ማስተካከያው ቀድሞ የተበላሸን ፕሮሰሰር አይመልስም፤ ገና ያልተጎዳውን ነው የሚያድነው። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው «ይቆይ» ቢለኝ አልስማማም።

አደጋው የት እንዳለ ለማወቅ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ማየት ይበጃል። ባዮሱ ያለው በአብዛኛው ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ይህች ቺፕ በነበረው ላይ ደርቦ መጻፍ አትችልም፤ መጀመሪያ ቦታው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ይጻፋል፣ ከዚያ ትክክል መሆኑ ይረጋገጣል፤ ይህም ቁራጭ በቁራጭ ይቀጥላል። ፋይሉ ከፍላሽ ዲስክ እየተነበበ ወይም እየተመረመረ ሳለ መብራት ቢሄድ ምንም አይሆንም። ማጥፋቱ ከተጀመረ በኋላ ከሄደ ግን ቺፗ ላይ የሚቀረው ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ፣ መሐሉ ባዶ የሆነ ነገር ነው። ማሽኑ በዚህ ሁኔታ ሲከፈት ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ድምፅ የለም፣ ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክ ቢጫኑ መብራቱ አይበራም። መጀመሪያ የሚያነበው ትእዛዝ ከቦታው ጠፍቷልና ስህተቱን እንኳ ሊነግራችሁ አይችልም።

«ጀነሬተር አለን» የሚሉኝ አሉ። የዴስክቶፕ ፓወር ሳፕላይ መብራት ከተቋረጠ በኋላ ማሽኑን ይዞ የሚቆየው ለሰከንድ ቁራጭ፣ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠው ለ16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ጀነሬተር እስኪነሳ ሰከንዶች ይፈጃል። ስታቢላይዘርም የሚያስተካክለው የሚዋዥቅ መብራትን እንጂ የሄደን አይደለም። የቀረው ዩፒኤስ ነው፤ እሱም ባትሪው ደህና ከሆነ። እኛ ዘንድ ብዙው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራት እያለ አረንጓዴው ይበራል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ከሥራው በፊት እሞክረዋለሁ። ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን ብቻ ዩፒኤሱ ላይ እሰካለሁ፤ ፕሪንተር በፍጹም። የባዮስ ሜኑ ውስጥ ገብቼ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው እነቅላለሁ። መጻፉ ብዙ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፣ እኔ ግን ሩብ ሰዓት ካልያዘልኝ አልጀምርም። ከያዘ መልሼ ሰክቼ ባትሪው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ላፕቶፕ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ግን ባትሪውም ቻርጀሩም ሊኖሩ ይገባል፤ አብዛኛው ላፕቶፕም አንዱ ከጎደለ እምቢ ይላል። እምቢታውን የሚያልፉ ዘዴዎች አሉ፤ አልጠቀምባቸውም።

አንድ ደንበኛዬ ከመብራቱ በቀር ሁሉንም በትክክል አድርጎ ነበር። ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5 2600 ነበረው፤ 5600 ገዛ። የራይዘን 5000 ቤተሰብ የወጣው ከቢ450 በኋላ ስለሆነ ቦርዱ አዲሱን ፕሮሰሰር በአሮጌ ባዮስ አያውቀውም፣ ስክሪኑም አይመጣም። ስለዚህ አሮጌው ፕሮሰሰር እንደተገጠመ መጀመሪያ ባዮሱ መታደስ አለበት፤ እሱም ይህን ያውቃል። ቦርዱ ላይ የታተመውን የሞዴል ስምና የሪቪዥን ቁጥር አንብቧል፤ ስሙ አንድ ሆኖ ሪቪዥኑ ሲለያይ ፋይሉም ሊለያይ ይችላልና። ያለውን ስሪት በዚህ አይቷል፦

```
Get-CimInstance Win32_BIOS
```

ቢትሎከርን ለጊዜው አቁሟል። ፋይሉን በ`FAT32` በተፎረመተ ፍላሽ ዲስክ ላይ አድርጎ፣ ከዊንዶውስ ውስጥ ሳይሆን ከራሱ ከባዮስ ሜኑ ጀመረ፤ ዊንዶውስ መሐል ላይ ቢደርቅ ያው መዘዝ ነውና። መጻፉ ከግማሽ በታች እንዳለ መብራት ሄደ። የሕንፃው ጀነሬተር ወዲያው ተነሳ፤ ለዚህች ማሽን ግን የሚጠቅም አልነበረም።

ቦርዱ የፍላሽባክ በተን ቢኖረው ነገሩ ቀላል ነበር። እነዚህ ቦርዶች ለብቻዋ የምትሠራ ትንሽ ተቆጣጣሪ አላቸው፤ ፕሮሰሰር እንኳ ሳይኖር ፓወር ብቻ ተሰጥቷቸው ከፍላሽ ዲስክ አንብበው ይጽፋሉ። ፋይሉ ግን ቦርዱ በሚፈልገው ስም መጠራት አለበት፤ ኤምኤስአይ ላይ `MSI.ROM`፣ ጊጋባይት ላይ `GIGABYTE.bin`። ቦርድ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ፣ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ በተን ከጌጥ መብራቶቹ ሁሉ ይበልጣል እላለሁ።

የእሱ ቦርድ በተኑ የለውም፤ ስለዚህ በፕሮግራመር ከቺፗ ጋር በቀጥታ መነጋገር ግድ ሆነ። የፓወር ገመዱ ይነቀላል፣ ክብ ባትሪዋ ትወጣለች። ቺፗ ላይ ያለችው ነጥብ የመጀመሪያውን እግር ታሳያለች፤ የክሊፑ ቀይ ሽቦ እዚያ ጋ ይሆናል። ቺፗ 3.3 ቮልት ናት ወይስ 1.8? ይህ ሳይታወቅ አይሰካም፤ ለ1.8 ቮልቷ ማስማሚያ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ትቃጠላለች። ከዚያ የተበላሸውን ሳይቀር ሁለት ጊዜ አነባለሁ፦

```
flashrom -p ch341a_spi -r a.bin
flashrom -p ch341a_spi -r b.bin
sha256sum a.bin b.bin
```

ሁለቱ ድምሮች ካልተመሳሰሉ ክሊፑ በደንብ አልያዘም ማለት ነው፤ እንደገና ይሰካል። በዚያ ቀንም መጀመሪያ አልተመሳሰሉም፤ እግሮቹን በአልኮል ካጸዳሁ በኋላ ነው የገጠሙት። የተበላሸውን ማስቀመጥ ትርፍ ድካም አይደለም። የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር፣ በላፕቶፕ ላይ ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍ ጭምር፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ቺፕ ላይ ናቸው፤ የአምራቹ ፋይል ግን አይዛቸውም።

ቀጥሎ የፋይሉ መጠን ይታያል። ቺፗ ላይ ካለው ቁጥር ውስጥ 128 የሚለው 128 ሜጋቢት ነው፤ ይህም 16 ሜጋባይት፣ በትክክል 16,777,216 ባይት ማለት ነው። ከአምራቹ የወረደው ፋይል ከዚህ በጥቂቱ ቢበልጥ ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ተጨማሪ ራስጌ አለው፤ ሳይቆረጥ በፕሮግራመር ከተጻፈ ሁሉም ከቦታው ይንሸራተታል። የደንበኛዬ ፋይል ልክ ነበር። `-r` የነበረውን በ`-w` ተክቼ የአምራቹን ፋይል ጻፍኩ፤ መጨረሻ ላይ `VERIFIED` አለ።

ባትሪዋን መልሼ በአሮጌው ፕሮሰሰር ከፈትኩት፤ ተነሳ። 5600ውን ስንገጥም ስክሪኑ ለተወሰነ ጊዜ ጨለማ ሆኖ ቆየ፣ ማሽኑም ራሱን አጥፍቶ ተነሳ። ደንበኛዬ እጁን ወደ ፓወሩ ሲሰድ «ተወው፣ ራሙን እየለካ ነው» አልኩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ያጠፋዋል፤ መጻፉ ገና ያላለቀ ከሆነ ደግሞ መብራት ኃይል ያላደረሰበትን ጉዳት በገዛ እጁ ያደርሳል። የቆመ የሚመስል ማሽን ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እጄን አላነሳም። ከቆይታ በኋላ ስለ `fTPM` የሚጠይቀው ጽሑፍ መጣ። ቢትሎከሩ ቆሞ ስለነበር `Y` ተጭነን ቀጠልን፤ ቀርቶ የነበረው የራም ፍጥነትን ወደነበረበት መመለስ ብቻ ነበር።