ሚያዝያ 6 እና ኤፕሪል 14

«ቢሮ ዝግ ነው» የሚለውን አውቶማቲክ የኢሜይል መልስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅልን የሚሉኝ ትንንሽ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ጽሑፉን ራሳቸው ጽፈው ነው የሚሰጡኝ። ቋንቋው አያሳስበኝም። እኔ ቶሎ ብዬ የማየው ቀኑንና ሰዓቱን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቶ እያሸገ ለሆቴሎችና ለጥቂት የውጭ አገር ገዢዎች የሚሸጥ ድርጅት እንውሰድ። የ2018 ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 4 ነው። ድርጅቱ ከስቅለት ጀምሮ ዘግቶ ማክሰኞ ሚያዝያ 6 ከጠዋቱ 2:30 ይከፍታል። ይህ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ሲገለበጥ አንባቢው 2018 የሚለውን ዓመት አይቶ ከስምንት ዓመት በፊት የተረሳ መልስ ነው ይላል። 2:30 የሚለውንም የሌሊት ወይም የከሰዓት በኋላ ሰዓት ያደርገዋል። በዚያ ላይ በዚህ ዓመት የምዕራባውያን ፋሲካ የዋለው ከእኛው አንድ ሳምንት ቀድሞ ኤፕሪል 5 ነው። ስለዚህ ጀርመን ያለው ገዢ «ለፋሲካ ዘግተናል» የሚለውን ኤፕሪል 10 ቢያነበው፣ መልሱን ማጥፋት የረሱ ይመስለዋል። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛው በዓሉን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ብዬ የምጽፈው።

```
ሰላም፣ (English below)

ቢሮአችን ለፋሲካ በዓል ከዓርብ ሚያዝያ 2 እስከ
ሰኞ ሚያዝያ 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ዝግ ነው። ማክሰኞ
ሚያዝያ 6 ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ እንመልስልዎታለን።

Our office is closed for Ethiopian Orthodox
Easter, Friday 10 April to Monday 13 April 2026.
We will reply from Tuesday 14 April,
8:30 a.m. Addis Ababa time (UTC+3).
```

እያንዳንዱ ክፍል በራሱ አቆጣጠር ይሄዳል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሳምንቱ ቀን ነው። ማክሰኞ በሁለቱም ማክሰኞ ስለሆነ፣ አንዱ ቁጥር ቢሳሳት እንኳ አንባቢውም እርስዎም ቶሎ ታዩታላችሁ። ወሩንም በቁጥር አልጽፍም፤ 10/04ን ለንደን ያለው ኤፕሪል፣ አሜሪካ ያለው ኦክቶበር ብሎ ያነበዋልና። የላይኛዋ የእንግሊዝኛ ፍንጭ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ስልክ ላይ ከኢሜይሉ ቀድሞ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ፊደላችንን የማያውቅ ሰው ያችን ካላየ እንደማይፈለግ መልእክት ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል።

ያለፈውን ዓመት መልስ ቀድቶ መጠቀም የተለመደ ነው። የፋሲካ ቀን ስለሚለዋወጥ ሁሉም ይጠነቀቅለታል። የሚያታልለው ገና ነው። ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ከጃንዋሪ 7 ጋር ይገጥማል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 7 ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል። በ2016 እንዲያ ነበር፤ በ2020ም እንዲያ ይሆናል።

ጂሜይል ላይ መልሱ የሚገባው Settings ውስጥ Vacation responder በሚለው ቦታ ነው። እዚያ የሚሞላው ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ የሚጀምረውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ ቢሮ ዘግተው First day የሚለውን ዓርብ ካደረጉ፣ ሐሙስ ማታ የሚጽፍልዎ ሰው ምንም መልስ አያገኝም። እኔ ሐሙስ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ባበራው እመርጣለሁ። አውትሉክ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ለባልደረባና ለውጭ ሰው ሁለት የተለያዩ መልሶችን ይቀበላል፤ ጂሜይል ግን አንዱን መልስ ለሁሉም ስለሚልክ ሁለቱ ቋንቋዎች እዚያው አብረው መግባት አለባቸው።

የኢሜይል ፊርማው ላይ ደግሞ ደንበኞቼ አጥብቀው የሚጠይቁኝ አማርኛውን በግራ፣ እንግሊዝኛውን በቀኝ አድርጌ በሠንጠረዥ እንድሠራው ነው። ኮምፒውተር ላይ ያምራል። ጠባብ የስልክ ስክሪን ላይ ግን ዓምዶቹ ተጨናንቀው የሥራ መደቡ ስም በየቃሉ ይሰበራል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች እደረድረዋለሁ፦ ስምና የሥራ መደብ በአማርኛ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ፤ ስልኩ አንድ ጊዜ ብቻ በ+251 ተጀምሮ፣ ያለ መጀመሪያዋ ዜሮ። ሁሉንም በሥዕል መላክ የፊደል ጣጣን ያስቀራል ይላሉ። ሆኖም ብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞች ሥዕልን ይከለክላሉ፤ ከሥዕል ላይ ደግሞ ስልክ ቁጥር ኮፒ ማድረግ ያስቸግራል።

የፊደሉ ጣጣ ራሱ የሚመጣው ከዩኒኮድ በፊት ከነበሩት የግዕዝ ፊደሎች ነው። በእነሱ የተጻፈ ስም ፊደሉ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ደህና ይታያል፤ ሌላ ቦታ ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ቢመርጡ፣ ማክና ስልክ በራሳቸው የግዕዝ ፊደል ይተኩታል፤ ጽሑፉ ይነበባል፣ መልኩ ብቻ ይለያል። ትንሽ መጠን ላይ ግን ደማቅ አያድርጉት፤ እንደ ጠ እና እንደ ጸሎቱ ጸ ያሉ ፊደላት ውስጣቸው ይደፈናል። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው አንድ ነጥብ ከፍ አድርጌ እንዲሁ እተወዋለሁ።

ከዚያ ከሌላ አድራሻ አንድ ኢሜይል ወደ ድርጅቱ እልክና የሚመጣውን መልስ ስልክ ላይ እከፍታለሁ። ሁለተኛውን ሙከራ ከሌላ ሦስተኛ አድራሻ አደርጋለሁ፤ ጂሜይል ለአንድ ሰው መልሱን በአራት ቀን ውስጥ ደግሞ ስለማይልክ፣ ያንኑ አድራሻ ብጠቀም፣ መልሱን ካላረምኩት በቀር ምንም ላይመጣልኝ ይችላል።