«አዲስ ቲቢ ተገኘ» ብዬ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ምን ችግር አለበት?

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። የሰፈራችን ሰው ታክሲ ላይ «አለርት ወራጅ አለ!» ይላል እንጂ ከአጥሩ ውስጥ ምን እንደሚመረመር ብዙም አያወራም። በ2013 እ.ኤ.አ. የተቋሙ ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር «ኢመርጂንግ ኢንፌክሽየስ ዲዚዝስ» በተባለ መጽሔት ላይ ስለ ቲቢ አንድ ጥናት አሳተሙ። የጥናቱ አብስትራክት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በኔ አማርኛ ጠጋ ብሎ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«በኢትዮጵያ ከንፍፊት ወይም ከሳንባ ቲቢ ታማሚዎች የተወሰዱ 964 ናሙናዎች በሞለኪውላዊ ዘዴ ሲለዩ፣ የሰው ቲቢ ባክቴሪያ ዝርያዎች ስርጭት በሁለቱም የበሽታው መልኮች ተመሳሳይ፣ የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ድርሻ ደግሞ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ታይቷል። ከአፍሪካ ቀንድ ጋር ጠንካራ ተዛምዶ ያለው አዲስ የዘር ሐረግም ሪፖርት እናደርጋለን።»

እኔ ይህንን ለጠቅላላ አንባቢ ላቀልለው ሞከርኩና እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሳይንቲስቶች ከአፍሪካ ቀንድ የመነጨ አዲስ የቲቢ ዓይነት አገኙ፤ የንፍፊት ቲቢ ከጥሬ ወተት እንደማይመጣም አረጋገጡ።» አጭር ነው፣ ይነበባል። አስረኛ ክፍል ላለችው እህቴ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ፣ «እና ከጎረቤት የምናመጣውን ወተት ሳናፈላ ብንጠጣው ምንም አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ።

እህቴ አልተሳሳተችም። እኔ የጻፍኩት በትክክል ያንን ነው የሚለው።

ከወተቱ እንጀምር። አብስትራክቱ ወተት የሚል ቃል የለውም። እኔ ከየት አመጣሁት? በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጪ ያለ ቲቢ፣ በተለይ አንገት ላይ የሚወጣው የንፍፊት ቲቢ፣ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር በዛ ብሎ ይታያል። ጥሬ ወተት መጠጣትም የተለመደ ስለሆነ፣ በወተት የሚገባው የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ይሆን ምክንያቱ የሚል ጥርጣሬ ቆይቷል። ጥናቱ ለዚህ ጥርጣሬ መልስ ይሰጣል፤ ግን በታማሚዎች ናሙና በኩል እንጂ ወተት መርምሮ አይደለም።

እንዴት እንደሚለዩት ማወቅ ይረዳል። ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ በባክቴሪያው ዲኤንኤ ላይ 43 የተወሰኑ ቁራጮች መኖር አለመኖራቸውን ያያል። 43 አምፖሎች በአንድ መስመር እንደተሰቀሉ አስቡት፤ የበራውና የጠፋው ሲታይ የባክቴሪያው ማንነት ይታወቃል። የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ላይ ከ39ኛው እስከ 43ኛው ያሉት አምስቱ የመጨረሻ አምፖሎች ጠፍተው ይገኛሉ (ሌሎችም የሚጠፉ አሉት)። ስለዚህ ዘዴው «ይህ ታማሚ የያዘው ባክቴሪያ የቱ ነው» ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል። «ይህ ጆግ ወተት ደህና ነው ወይ» ለሚለው ግን አንድም ቃል የለውም። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስን ጨምሮ ሌሎች በሽታዎችን ሊያስተላልፍ እንደሚችል ደግሞ የታወቀ ነው።

ቀጥሎ «አረጋገጡ» ያልኩት አለ። እነሱ ያሉት «እጅግ አነስተኛ» ነው፤ እኔ ዜሮ አደረግኩት። እኛ ኢንጂነሪንግ ውስጥ የምንጠቀምባት ቀላል ስሌት አለች፦ አንድን ነገር በብዙ ናሙና ፈልጋችሁ አንድም ጊዜ ካላገኛችሁት፣ 3ን ለናሙናው ብዛት አካፍሉ። መልሱ፣ ነገሩ በእውነት ሊኖር የሚችልበት ከፍተኛ መጠን ነው (በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ)። ለ964 ሲሰላ ከሺህ ሦስት ገደማ ይሆናል። ልብ በሉ፣ በ964ቱ ውስጥ አንድም የከብት ባክቴሪያ ባይገኝ እንኳን ከሺህ ታማሚ እስከ ሦስቱ ሊይዛቸው ይችላል ማለት ነው። ይህም ናሙናው በዕጣ የተወሰደ ከሆነ ብቻ ነው። ጤና ተቋም ድረስ ያልመጣ ሰው ናሙናው ውስጥ የለም፤ ከብት ጋር የሚውለው አርብቶ አደር ደግሞ ጤና ተቋም ከሚርቃቸው አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አነስተኛ» የሚለው ቃል ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ናሙናው መሸከም የሚችለው ክብደት ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ «አዲስ» የሚለው ቃል ነው። ይሄኛው ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ቃሉን አልቀየርኩትም፤ ራሱ አብስትራክቱ ላይ አለ። በአማርኛ ግን «አዲስ በሽታ» ስንል ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬ የመጣ ማለታችን ነው። ኮሮናን አይተናላ! ተመራማሪዎቹ ያሉት ለሳይንስ አዲስ የሆነ፣ ከዚያ በፊት ተለይቶ ያልተገለጸ ነው። ባክቴሪያው ራሱ ግን አዲስ አይደለም። ዛሬ የዘር ሐረግ 7 ይባላል፤ በቲቢ ባክቴሪያዎች የትውልድ ዛፍ ላይ ቅርንጫፉ የሚወጣው «ዘመናዊ» የሚባሉት የዘር ሐረጎች እርስ በርስ ከመለያየታቸው በፊት ነው። ማለትም ጥንታዊ ነው። ቃል በቃል ታማኝ ሆኜ ትርጉሙን ገለበጥኩት።

«የመነጨ» የሚለውስ? ተዛምዶ ማለት እስካሁን ሲገኝ በብዛት የሚገኘው ከዚህ አካባቢ ሰዎች ነው ማለት ነው። መነሻው የት እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሌላ ማስረጃም ይፈልጋል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ከኢትዮጵያ የመነጨ አዲስ ቲቢ» የሚል ርዕስ ውጭ አገር ያለ ሐበሻ ሥራ ቦታው ላይ ቢነበብበት ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም።

ደንግጬ ሁለተኛ ሙከራ አደረግኩ፦ «ምናልባት አዲስ ሊሆን የሚችል የቲቢ የዘር ሐረግ ሊኖር እንደሚችል፣ የንፍፊት ቲቢም ምናልባት ከከብት ላይመጣ እንደሚችል ሊጠቁም የሚችል ጥናት ነው።» አራት «መቻል» አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ! ጥንቃቄ ይመስላል፤ በኔ እይታ ግን ይህም ስህተት ነው። ተመራማሪዎቹ የዘር ሐረጉ መኖሩን አልተጠራጠሩም፤ አግኝተነዋል ብለው ነው ሪፖርት ያደረጉት። እኔ እነሱ እርግጠኛ የሆኑበትን አጠራጠርኩ፤ ጥርጣሬው ሁሉም ጋ እኩል ሲረጭ ደግሞ አንባቢው የቱ ጋ መጠንቀቅ እንዳለበት አያውቅም። «ሊሆን ይችላል»፣ «ይመስላል» እና «ሳይሆን አይቀርም» አማርኛ ላይ ሦስት የተለያየ ክብደት አላቸው፤ ሁሉንም በ«ሊሆን ይችላል» መተካት ስንፍና ነው።

ሦስተኛው ሙከራዬ እንዲህ ሆነ፦ «ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ከቲቢ ታማሚዎች የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን መርምረው፣ በንፍፊትና በሳንባ ቲቢ ላይ የሚገኙት የባክቴሪያ ዝርያዎች ተመሳሳይ ስርጭት እንዳላቸው፣ ከከብት የሚመጣው ባክቴሪያም በጣም ጥቂት ቦታ ብቻ እንዳለው አይተዋል። ከዚህ በፊት በሳይንስ ያልተለየ፣ እስካሁን በብዛት ከአፍሪካ ቀንድ ሰዎች የተገኘ የቲቢ ባክቴሪያ የዘር ሐረግም ለይተዋል። ጥናቱ ወተት አልመረመረም፤ ጥሬ ወተት ደህና ነው አይልም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አብስትራክቱ ላይ የለም። ጨመርኩት፣ ምክንያቱም ሳይንቲስት የማይስተውን ጠቅላላ አንባቢ ሊስተው ይችላል፤ እህቴ ስትጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ረዝሟል፣ እንደ መጀመሪያውም አይጥምም።

እህቴ ይሄኛውንም አንብባ፣ «ጥቂት ስንት ነው?» አለች። እዚህ ጋ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም፤ አብስትራክቱም ቁጥሩን አልሰጠም። ስልኬን ሰጥቻት የጥናቱን የውጤት ክፍል ከፍታ ሰንጠረዡን መፈለግ ጀመረች፤ እኔ ወተቱን ላፈላ ተነሳሁ።