«ብቻውን አይጻፍ»

በውሃ ማጣሪያ ጣቢያችን ላቦራቶሪ፣ ጠርዙ በእርጥበት የሳሳ የእንግሊዝኛና የአማርኛ የቃላት መፍቻ አለ። አዘጋጆቹን የማመሰግነው በአንድ ገጽ ምክንያት ነው።

ድሮ በፈረቃ መዝገባችን ላይ «የክሎሪን መጠን 2» ተብሎ ይጻፍ ነበር። የጨመርነው ነው ወይስ የተረፈው? ተረካቢው አያውቅም። በሊትር 2 ሚሊግራም ጨምረን ውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ 1.5 ከበላው፣ የሚተርፈው 0.5 ብቻ ነው። 2ቱን እንደ ቀሪ የቆጠረ ሰው «በዝቷል» ብሎ ጭማሪውን ይቀንሳል፤ ውሃውም መከላከያ ሳይኖረው ወደ መስመር ይገባል።

መፍቻው ሁለቱን ለያቸው፦ «የክሎሪን ጭማሪ» እና «ቀሪ ክሎሪን»። ከትርጉማቸው ሥር የአውድ ማስታወሻ አለ። የመጀመሪያው ከመጨመሪያው ፓምፕና ከውሃው ፍሰት ይሰላል፤ ሁለተኛው ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ ናሙናውን ሮዝ በሚያደርገው የዲፒዲ ክኒን ይለካል። «የክሎሪን መጠን» አጠገብ ደግሞ «ብቻውን አይጻፍ» ይላል።

የጸደቀውን ቃል ብቻ ሳይሆን የተከለከለውንም መመዝገባቸው ይደንቀኛል። ዛሬ «ቀሪ ክሎሪን 0.5» የሚለውን አነብና፣ ማንንም ከእንቅልፉ ሳልቀሰቅስ ፈረቃዬን እረከባለሁ።