እስክሪብቶው የቆመበት መስመር

ተማሪ ሊኒየር አልጀብራ ላይ ሲቸገር መጀመሪያ የምፈልገው እስክሪብቶው የቆመበትን መስመር ነው። ውጤቱ ስንት እንደሆነ ቆይቶ ይደረስበታል። መስመሩ ላይ የምቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ተማሪውን ያቆመው የዛሬው ትምህርት ሳይሆን ከዓመታት በፊት ሳይጨበጥ የታለፈ ነገር ነው። ይሁንና መስመሩን አይቶ ወዲያው ጉድለቱን መናገር አይቻልም፤ ሁለት ልጆች አንድ ቦታ ቆመው የጎደላቸው ግን ለየቅል ሊሆን ይችላል። መስመሩ የት እንደምጠይቅ ይነግረኛል እንጂ መልሱን አይሰጠኝም።

አሜሪካዊው የሒሳብ መምህር ዴቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ነገር ገልጾታል። ተማሪዎቹ የእኩልታዎችን ሥርዓት መፍታትና ማትሪክስ ማባዛት ላይ እንደ ልባቸው ይሄዳሉ፤ ንዑስ ስፔስና ሊኒየር ኢንዲፔንደንስ ላይ ሲደርሱ ግን ጭጋግ የወረደባቸው ይመስላሉ። ለእኔ ጭጋጉ አንድ አይደለም። አንዱን ልጅ የጋረደው ነገር ሌላውን አይጋርደውም፤ ስለዚህ ለሁሉም ያንኑ ማብራሪያ ቀስ ብሎ መድገም ብዙም አይረዳም።

በየዩኒቨርሲቲው የሚታወቀውን የዴቪድ ሌይ የሊኒየር አልጀብራ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ እንውሰድ። ከእኩልታዎች ሥርዓት ይነሳል፣ በረድፍ ማቅለል ያልፋል፣ የመፍትሔ ስብስቦችን አጻጻፍ ያሳያል፣ ወደ መጨረሻው ገደማ ሊኒየር ኢንዲፔንደንስን ያመጣል።

ረድፍ ማቅለል ላይ የሚቆም ልጅ ጉዳይ ቀላሉ ነው። ወረቀቱ ላይ ስህተቱ የት እንደሚደጋገም አያለሁ። ኔጋቲቭ ቁጥር ከኔጋቲቭ በሚቀነስበት ቦታ ሁሉ የሚሳሳት ከሆነ፣ ያንኑ ጥያቄ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይሬ፣ አንድም ኔጋቲቭ ሳይኖርበት እሰጠዋለሁ። ሳይደናቀፍ ከጨረሰ ዘዴው ገብቶታል፣ የጎደለው የምልክት ሒሳብ ነው። እዚያው ከቆመ ግን ረድፍ ለምን እንደሚቀነስ አያውቅም ማለት ነው። ዘዴዬ በመሠረቱ ይኸው ነው፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ሌላውን ሁሉ እንዳለ መተው። ሁለት ነገር አብሬ ከቀየርኩ የትኛው እንደረዳው ማወቅ አልችልም።

ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው የመፍትሔ ስብስብ ላይ የሚቆመው ልጅ ነው። ይህን የመሰለ ጥያቄ ሰጥቼ ነበር፦

x + 2y − z = 0
2x + 4y + z = 0

አንዲት ተማሪ የመጀመሪያውን ረድፍ በ2 አባዝታ ከሁለተኛው ቀነሰች፤ 3z = 0፣ ስለዚህ z = 0 አገኘች። ይህን ወደ መጀመሪያው መልሳ x = −2y ጻፈች። እስከዚህ አንድም እንከን የለበትም። ከዚያ ግን ከ x = −2y ላይ y = −x/2 አወጣች፣ እሱን መልሳ ተካችው፣ x = x ሆነባት፤ በሌላ መንገድ ሞከረችና 0 = 0 ላይ ደረሰች። ከስሩ ሁለት መስመር ሰርዛ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«መምህር፣ አንድ እኩልታ ይጎድላል።»

ይህ መልስ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዋ ሰነፍ አይደለችም፣ ስሌትም አላቃታትም፤ እኩልታ ማለት አንድ ቁጥር የሚሰጥ ነገር ነው የሚል እምነት ይዛ ነው እየሠራች ያለችው። ግን ይህ ገና ግምት ነው። «ነጻ ተለዋዋጭ ማለት እኮ…» ብዬ ማብራራት ብጀምር ራሷን ትነቀንቅልኛለች፣ ቀጣዩንም ጥያቄ የእኔን አሠራር ገልብጣ ትሠራዋለች፤ የጎደለው ነገር ግን ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ጉድለቱን እስክለይ ድረስ አላብራራም፣ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ x = −4፣ y = 2፣ z = 0 ቢሆን ሁለቱን እኩልታዎች ያሟላ እንደሆነ ጠየቅኳት። ተካችው፤ −4 + 4 − 0 = 0፣ −8 + 8 + 0 = 0። «ትክክል ነው» አለች፣ ቀጥላም «ግን መልሱ ይኼ ነው እንዴ?» መተካት ታውቃለች ማለት ነው። የሚያሟላ ቁጥር ሁሉ የመልሱ አካል መሆኑ ግን አልታያትም።

ቀጥዬ z የሌለበትን x + 2y = 0 ብቻ ጽፌ በግራፍ እንድታሳየኝ አደረግኩ። ሰንጠረዥ ሠራች፤ (0, 0) እና (2, −1)ን አስቀምጣ በማስመሪያ አገናኘቻቸው። ንጹሕ ሥራ ነው። «(6, −3) መስመሩ ላይ አለ?» ስላት መስመሩን በማስመሪያው አስረዝማ አየችና «አዎ፣ አለ» አለች። «(600, −300)ስ?» አልኳት። ወረቀቱን አየች፣ ማስመሪያውን አየች፣ ዝም አለች። በመጨረሻም «እዚህ ላይ አይታይም» አለችኝ።

ጉድለቱ እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩን ሆን ብዬ ወረቀት ከማይችለው በላይ ያደረግኩት ለዚህ ነበር። መስመሩን እንደ ሥዕል ታውቀዋለች፤ መስመሩ እኩልታውን የሚያሟሉ ነጥቦች ሁሉ ስብስብ መሆኑን ግን አታውቅም። ያንን የምታውቅ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉን ሳታይ 600 − 600 = 0 ብላ ትጨርሰው ነበር። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ጅማሬ ትምህርት ነው፤ ያመለጣት ደግሞ ፈተናው ሁልጊዜ «ግራፉን ሳል» ስለሚል እንጂ «ይህ ነጥብ አለ ወይስ የለም» ብሎ ስለማይጠይቅ ይመስለኛል። የሚሳል ነገር ሁሉ ስትስል ኖራለች፣ ማንም ጉድለቱን አላየባትም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ተማሪ በዚሁ ጥያቄ ላይ፣ በዚያው x = −2y መስመር ቆመ። ስለ (600, −300) ስጠይቀው ቃሌን ሳልጨርስ «አለ» አለኝ። ብዙ መፍትሔ እንዳለም ያውቃል። y = t ብለህ ጻፍ ስለው x = −2t፣ y = t፣ z = 0 ብሎ ጻፈና ቀና ብሎ «t ስንት ነው?» አለኝ። ይህ ሌላ ጉድለት ነው። ፊደል ለእሱ ተፈልጎ የሚገኝ ምስጢር ቁጥር ነው፤ የፈለግነውን ዋጋ እንዲይዝ የተተወ ፊደል አያውቅም። ይህን ለማረጋገጥ ከምዕራፉ ፈጽሞ ወጣሁና y = mx + 3 የሚለውን ጻፍኩለት፤ m የፈለገውን ቢሆን እነዚህ መስመሮች ሁሉ የሚያልፉበት አንድ ነጥብ አለ፣ የቱ ነው? አልኩት። መልሱ (0, 3) ነው። እሱ ግን በመጀመሪያ «m አልተሰጠም» አለ። ግምቴ የጸናው ያኔ ነው።

ሁለቱን ልጆች አንድ ቦታ አስቀምጬ ስለ ነጻ ተለዋዋጭ ባስተምር ኖሮ ለሁለቱም ባልደረስኩላቸው ነበር። ለእሷ የሰጠኋት ሥራ ግራፍ የሌለበት ነው፦ አንድ እኩልታ፣ ከስሩ የነጥቦች ዝርዝር፣ «ያሟላል» ወይም «አያሟላም»፣ ከዚያም «አንቺ ሌላ አምስት አምጪ» ብሎ የሚዘጋ። ለእሱ ግን ፊደል ያለባቸውን መግለጫዎች ሰጥቼ t 0፣ 1፣ −5 ሲሆን ምን እንደሚመጣ በሰንጠረዥ እንዲያወጣ፣ በመጨረሻም t ምንም ቢሆን የማይለወጠውን ነገር እንዲነግረኝ አደረግኩ።

ሊኒየር ኢንዲፔንደንስ ላይ ያለው መቆሚያ ከዚህ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው ቆሜያለሁ አይልም። (1, 2) እና (2, 4) የሚሉትን ቬክተሮች ሰጥቼ ኢንዲፔንደንት መሆናቸውን ስጠይቀው 0(1, 2) + 0(2, 4) = (0, 0) ብሎ ይጽፍና «ስለዚህ ናቸው» ይላል። በዚህ አካሄድ የዓለም ቬክተር ሁሉ ኢንዲፔንደንት ይሆናል። ትርጉሙ የሚለው ግን ተቃራኒውን አቅጣጫ ነው፦ ድምሩ ዜሮ ከሆነ ቁጥሮቹ ሁሉ ዜሮ ከመሆን ሌላ አማራጭ የላቸውም። እዚህ ግን 2(1, 2) − 1(2, 4) = (0, 0) ስለሆነ ሌላ አማራጭ አለ።

ይህን ስህተት ያየ መምህር «ከሆነ» እና «ስለዚህ»ን ማገላበጥ ነው ብሎ ወዲያው ሊፈርድ ይችላል። እኔ በመጀመሪያ ቬክተር የሌለበት ጥያቄ አቀርባለሁ፦ በ4 የሚካፈል ቁጥር ሁሉ በ2 ይካፈላል፤ በ2 የሚካፈል ሁሉስ በ4 ይካፈላል? «አዎ» ካለ ጉድለቱ የአመክንዮ አቅጣጫ ነው። «አይ፣ 6 አይካፈልም» ካለ ግን አቅጣጫው ጤነኛ ነው፤ እንግዲያው ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ያኔ «እነዚህን ዜሮዎች ከየት አመጣሃቸው?» እላለሁ። «መጽሐፉ ላይ ዜሮ ናቸው ይላል» የሚለኝ ልጅ ቁጥሮቹ የሚፈለጉ መሆናቸውን አላወቀም፤ ትርጉሙን እንደ መመሪያ አንብቦ ተግብሮታል። ለዚህኛው አመክንዮ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። c1 + 2c2 = 0 እና 2c1 + 4c2 = 0 ብሎ ራሱ እንዲጽፍና እንዲፈታ ማድረግ ይበቃዋል። ሲፈታ c1 = −2c2 ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ ከቆመ ወደ መጀመሪያዋ ተማሪ ጉዳይ ተመልሰናል ማለት ነው።

አንድ ስህተት ብቻ አይቶ መፍረድ ግን አይገባም። የድካም ስህተት ቦታ ይቀያይራል፤ ጉድለት ግን በሌላ ቀን፣ በሌላ ቁጥር ሲጠየቅ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። መቆም ሁሉ የቀድሞ ትምህርት ጉድለትም አይደለም። ሁለት ቬክተሮችን በሥዕል እያየ ኢንዲፔንደንት መሆናቸውን የሚለይ ልጅ 1፣ x እና x² ቬክተር ናቸው ሲባል ቢደነግጥ ወደ ኋላ ሄጄ የምሞላለት ነገር የለም። ያ ራሱ የምዕራፉ አዲስ ነገር ነው፣ እዚያው ቆሞ መለመድ ያለበት።

ተማሪዋ ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ ያንኑ ጥያቄ አልሰጠኋትም፤ መልሱን ታስታውሰዋለች። አራት ተለዋዋጭ ያለው ሰጠኋት፦ x1 + 3x2 − 2x4 = 0፣ x3 + x4 = 0። x1 = −3x2 + 2x4 እና x3 = −x4 ብላ ጻፈች፤ x2ን s፣ x4ን t አለቻቸው። ሳልጠይቃት s = 1፣ t = 0 አድርጋ (−3, 1, 0, 0)ን አገኘችና ወደ እኩልታዎቹ መልሳ አየችው፤ s = 0፣ t = 1 አድርጋም (2, 0, −1, 1)ን እንዲሁ። ቀጥዬ ሁለቱ ቬክተሮች ተደምረው ያሟላሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ድምሩ (−1, 1, −1, 1) ነው፤ −1 + 3 − 2 = 0፣ −1 + 1 = 0። «ያሟላል» አለች፣ ጥቂት ቆይታም «ሁልጊዜ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።