ስለ አንድ የመውጫ ማጠቃለያ

ከባድ የሳንባ ምች ይዞት 5 ቀናት ተኝቶ ለታከመ የ14 ወር ሕፃን የተጻፈው የመውጫ ማጠቃለያ የሆስፒታሉን ሥራ በሚገባ ይዘረዝራል፤ የኤክስሬዩ ውጤት ብቻውን አራት መስመር ይዟል። ስለ ቀጣዩ ሕክምና ግን ለጤና ጣቢያው «አሞክሲሲሊን ሽሮፕ 8 ሚሊ ሊትር በቀን 2 ጊዜ፣ ለ7 ቀናት» ብሎ ያበቃል። ሕፃኑ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ሲታሰብ በአንድ ጊዜ 400 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። 8 ሚሊ ሊትር ይህን መጠን የሚሰጠው በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ ነው። ጤና ጣቢያው ያለው ባለ 125 ከሆነ ሕፃኑ የሚያገኘው ግማሹን ብቻ ነው። ክብደቱም ሚሊ ግራሙም ስላልተጻፉ ተቀባዩ ነርስ ጉድለቱን ከወረቀቱ ሊደርስበት አይችልም። «7 ቀናት» የተባለውም በመርፌ የታከመባቸውን 5 ቀናት ይጨምር አይጨምር ግልጽ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው «ተሽሎት ወጥቷል» የሚለው ሐረግ ነው። ነርሱ በማግስቱ በደቂቃ 44 ትንፋሽ ቢቆጥር፣ በዚህ ዕድሜ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ስለሚባል፣ ምን ይወስን? ሲወጣ 46 ከነበረ አልባሰበትም፤ 34 ከነበረ ግን ወደ ሆስፒታል ሊመለስ ይገባል። ሲወጣ የተቆጠረው ትንፋሽና ያለ ኦክስጅን የተለካው ሙሌት አንድ መስመር አይሞሉም፤ ከኤክስሬዩ አራት መስመሮች አንዱ ይበቃቸው ነበር።